ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት፦ ዲሳይድ፣ ዲሲዥን፣ ዲሳይሲቭ… የቱ የት ይገባል?

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄው የእህቴ ነው። ኮምቦልቻ ነርስ ናት፣ ለአይኤልትስ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ቃል በመሸምደድ የሚስተካከላት የለም። ድርሰት ስትጽፍ ግን አስተማሪዋ እየደጋገመ ያሰምርባታል፤ ከሥሩ «ወርድ ፎርሜሽን» ብሎ ይጽፋል። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ ገጽ የወጡ ናቸው፦

«ዘ ሆስፒታል መስት ዲሲዥን ኩዊክሊ።»

«ኤ ጉድ ነርስ ኢዝ ዲሳይድ።»

«ሺ አክትድ ዲሳይሲቭ።»

የቃላቱን ትርጉም ጠይቋት፣ ሁሉንም ትመልሳለች። የቱ የት እንደሚገባ ነው የሚምታታባት። እዚያ ያላችሁ እንዴት ለመዳችሁት?

ቦርከና (ከኮምቦልቻ፣ አሁን እንግሊዝ)

እህቴ፣ የዲሲዥን ነገር ካነሳሽ እኔንም ጭንቅ ይዞኛል። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ናት፣ የቤተሰብ ቪዛ አስገብተናል። አሁን ኢሜይል መጣልን፤ «ኤ ዲሲዥን ሃዝ ቢን ሜድ» ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለውም። ይሄ ተፈቀደ ማለት ነው? የሚያውቅ ካለ በአላህ ይንገረኝ።

ሐረጎ (ዱባይ)

የሸዋ በር ልጅ፣ አብሽሪ፣ ቀላል ነው። የቃሉን መጨረሻ ማየት ብቻ ነው። «ሊ» ካለው ተውሳከ ግስ ነው። «ሽን» ወይም «ዥን» ካለው ስም ነው። «ኢቭ» ካለው ቅጽል ነው። ምንም ካልተቀጠለበት ግስ ነው። ይህን ትያዝ፣ አለቀ።

የቀድሞ መምህር (ሚኒሶታ)

ልጆቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፣ ይህችን ነገር በደንብ አውቃታለሁ።

ሐረጎ፣ ያልከው ለንባብ ይጠቅማል። የማታውቀው ቃል ሲያጋጥምህ መጨረሻው ይጠቁምሃል። ግን አትመነው። «ፍሬንድሊ» መጨረሻው «ሊ» ነው፣ ሆኖም ቅጽል ነው። «ዲቴክቲቭ» እና «ሞቲቭ» በ«ኢቭ» ያልቃሉ፣ ሁለቱም ስም ናቸው። «ፋስት» ምንም ሳይቀጠልበት ቅጽልም ተውሳከ ግስም ይሆናል። «ሃርድ» ላይ «ሊ» ከጨመርክበትማ ትርጉሙ ይገለበጣል። «ሺ ዎርክስ ሃርድ» ጠንክራ ትሠራለች ነው። «ሺ ሃርድሊ ዎርክስ» ግን ሥራ የምትሠራው ከስንት አንዴ ነው እንደማለት ነው።

የእህትሽ ችግር ደግሞ መጨረሻውን አለማወቅ አይደለም፣ ታውቀዋለች። የጎደላት ቦታውን ማየት ነው። አማርኛችን በዚህ አያስጨንቀንም። «ኮሚቴው ነገ ይወስናል» በይ፣ «ነገ ይወስናል ኮሚቴው» በይ፣ «ይወስናል» ግስ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ማን እንደሚወስንም፣ ገና እንዳልተወሰነም እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው «ዲሳይድ» ይህን ሁሉ አይሸከምም። ሥራውን የሚነግርሽ ጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ከመምረጧ በፊት ቦታውን ባዶ ትተወውና ግራ ቀኙን ትይ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ከባዶው በፊት «መስት» አለ። ከ«መስት»፣ ከ«ዊል»፣ ከ«ካን» ቀጥሎ የሚገባው ግስ ነው፣ ያውም ምንም ያልተቀጠለበት። «መስት ዲሳይድ» ይሆናል። «ዲሲዥን»ን ካልለቀቀች ደግሞ ግስ ታበድረው፦ «መስት ሜክ ኤ ዲሲዥን»።

ሁለተኛው ላይ ከባዶው በፊት «ኢዝ» አለ። ነርሷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ነው የሚነገረው። ስለዚህ ቅጽል፦ «ኢዝ ዲሳይሲቭ»። ሦስተኛው ላይ «አክትድ» የሚባል ግስ ተቀምጧል፣ ባዶው እንዴት የሚለውን ይመልሳል። «አክትድ ዲሳይሲቭሊ» ነው።

ብዙ ተማሪ የሚስተው «ኤ» እና «ዘ» ሲመጡ ነው። ከነሱ ቀጥሎ ስም ይመጣል ብሎ ሸምድዷል። ግን በስተቀኝም ማየት አለባት። ከባዶው በኋላ ሌላ ስም ካለ የሚፈለገው ቅጽል ነው። «ኤ ዲሳይሲቭ ነርስ» ይባላል፣ «ኤ ዲሲዥን ነርስ» አይባልም።

ቦርከና፣ ልጄ፣ ያንተም ጥያቄ ከዚሁ አይርቅም። ያ ዓረፍተ ነገር ተወስኗል ይላል፣ ምን ተብሎ እንደተወሰነ አይልም። ግሱን ወደ ስም ሲለውጡት ማን ወሰነ፣ ምን ብሎ ወሰነ የሚለው ሁሉ ሊቀር ይችላል። መፈቀዱንም መከልከሉንም ከዚያ ኢሜይል ማንበብ አይቻልም። ውጤቱ በደብዳቤው ላይ ነው የሚመጣው። አላህ መልካሙን ያሰማህ።

የቧንቧ ውሃዋ (ቶሮንቶ)

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ። እኔ በዚሁ በ«ወሳኝ» ቃል የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከደሴ የልደት ጉዳይ የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጥቼ አስተረጎምኩ። ደብዳቤው ላይ «ወሳኝ ኩነት ምዝገባ» ይላል። ተርጓሚው «ዲሳይሲቭ ኢቨንትስ» ብሎ ጻፈው። እዚህ ጉዳዬን የያዘችው ሴት ምን ዓይነት ክስተት እንደሆነ ግራ ገብቷት ማብራሪያ ጠየቀችኝ። እንደገና አስተርጉሜ፣ እንደገና ከፍዬ ነው ያለቀው። መዝገበ ቃላት ላይ ግን «ዲሳይሲቭ» ወሳኝ ነው ይላል። የቱን እንመን?

የቀድሞ መምህር

የቧንቧ ውሃዋ፣ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፣ ግን ሁሉንም አልነገረሽም። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡበት ሥርዓት በእንግሊዝኛ «ቫይታል ኢቨንትስ» ነው የሚባለው። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 760ም በእንግሊዝኛው ገጽ የሚለው ይህንኑ ነው። የደብዳቤ ተርጓሚ ይህን ማወቅ ነበረበት።

የእኛ «ወሳኝ» ሰፊ ነው። በጣም አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ ወሳኝ እንላለን። «ዲሳይሲቭ» ጠበብ ይላል። ወይ ነገሩን የሚቋጭ ነው፣ እንደ «ዲሳይሲቭ ቪክትሪ»፤ ወይ ሳይወላውል የሚወስን ሰው ነው። እህትሽም፣ የሸዋ በር ልጅ፣ «ውሃ ለጤና ወሳኝ ነው» ልትል ስትፈልግ «ቫይታል» ወይም «ኢሴንሻል» ትበል። ለሰው ጠባይ ሲሆን «ዲሳይሲቭ»ን በ«ቆራጥ» ብትይዘው ይሻላታል።

ይህ «ቆራጥ» የሚለው እንዲያውም ወደ ሥሩ ይወስደናል። «ዲሳይድ» የመጣው ከላቲን ነው፣ መነሻው መቁረጥ ማለት ነው። እኛም «ቁርጡን ንገረኝ»፣ «ቀን ቆረጡ»፣ «ቆርጦ ተነሳ» እንላለን። ላቲኖቹ ያንን ግስ ሲያረቡት አንዱ ግንድ በዲ ፊደል፣ ሌላው በኤስ ፊደል ነበር። «ዲሳይድ» ከመጀመሪያው ወጣ፣ «ዲሲዥን» እና «ዲሳይሲቭ» ከሁለተኛው ወጡ። ዲው በኤስ የተተካው ለዚህ ነው።

ይህን የማነሳው ለጽሑፍ ስለሚጠቅማት ነው። ተማሪ «ሽን» የሚለውን መጨረሻ በቲ ፊደል ስለለመደው «ዲሲዥን»ንም በቲ ይጽፈዋል። በኤስ ነው። ጆሮዋን ታምጣ፦ ድምፁ «ዥን» እንጂ «ሽን» አይደለም። «ኮንክሉድ፣ ኮንክሉዥን፣ ኮንክሉሲቭ» እንደዚያው ነው። «ኤክስፕሎድ፣ ኤክስፕሎዥን፣ ኤክስፕሎሲቭ»ም እንደዚያው። አንዱን ቤተሰብ በደንብ ከያዘች ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሁሉም ግን አይከተልም። «ፕሮቫይድ» «ፕሮቪዥን» አለው፣ በ«ሲቭ» የሚያልቅ ቅጽል ግን የለውም። «ኢንቴንድ» ደግሞ በዲ እያለቀ ስሙ «ኢንቴንሽን» በቲ ይጻፋል። ያልሰማችውን ቃል በግምት አትፍጠር፣ መዝገበ ቃላት ትክፈት።

ሐረጎ

መምህር፣ ስለ ፊደሉ ያሉትን ወድጄዋለሁ፣ አላውቀውም ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብቻ ነው ልክ የሚመስለው አባባልዎ። እዚህ የምሠራበት ቦታ አለቆቹ እንግሊዛውያን ናቸው። «ቴክ ኤ ዲሲዥን» ሲሉ በጆሮዬ እሰማለሁ።

የቧንቧ ውሃዋ

እዚህ ካናዳ እንደዚያ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሁሌ «ሜክ» ነው። የእኛ ሰው «ጊቭ ኤ ዲሲዥን» ሲል ግን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ውሳኔ ሰጠ ከሚለው ቀድተን ነው መሰለኝ።

የቀድሞ መምህር

ልክ ነሽ፣ ከዚያ ነው። ዳኛ ውሳኔውን ሲያሰማ «ጊቭ» ሊባል ይችላል። አንቺ ትምህርት ለመማር ብትወስኚ ግን «ሜክ» ነው። ውሳኔ ላይ ደረሰ የሚለው «ሪችድ ኤ ዲሲዥን» ተብሎ እንዳለ ይሄዳል፣ ያንን ያለ ስጋት ትጠቀምበት።

ሐረጎ፣ «ቴክ» በእንግሊዞቹ ዘንድ አለ፣ ስህተት አልለውም። ለተማሪ የምመክረው ግን «ሜክ»ን ነው፣ የትም ያስኬዳል።

ሐረጎ

እኔ እንግሊዝ አገር ልትሠራ ከሆነ «ቴክ»ንም ብትለምደው ባይ ነኝ። ነገ አለቃዋ ሲላት እንዳይጠፋባት።

የሸዋ በር ልጅ

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ ተባረኩ። ጽሑፋችሁን ለእህቴ አነበብኩላት። ቁጭ ብላ ሌላ አንቀጽ ጻፈች። «ሹድ ዲሳይድ»፣ «ማይ ዲሲዥን»፣ «ኤ ዲሳይሲቭ ነርስ» ሁሉም ቦታቸውን አግኝተዋል። ሁለት ነገር ግን ቀረ።

አንደኛ፣ «አይ አም ኢንዲሳይሲቭ አባውት ዊች ሲቲ» ብላለች። የቱ ከተማ እንደምትሄድ ገና አልወሰነችም ለማለት ነው። ሁለተኛ፣ «ሺ ሲምድ ዲሳይሲቭሊ» ጽፋለች። «ሲምድ» ግስ ስለሆነ ከጎኑ «ሊ» ያለው ይገባል ትላለች። እርስዎ ከነገሯት አንጻር ልክ ይመስላል፣ እኔን ግን ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

የቀድሞ መምህር

ጆሮሽ ልክ ነው።

በመጀመሪያው «አንዲሳይድድ» ትበል። «አንዲሳይድድ» ገና አልወሰንኩም ነው። «ኢንዲሳይሲቭ» ግን ወላዋይ ነኝ ማለት ነው፣ ጠባይዋን ነው የሚነግርባት። ለቀጣሪ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ይህ ይጎዳታል።

ሁለተኛው ላይ ያሰበችው ያስኬዳል፣ ግሱ ግን ለየት ያለ ነው። «ሲም»፣ «ሉክ»፣ «ሳውንድ»፣ «ቢካም» ድርጊት አይናገሩም፤ እንደ «ኢዝ» ሰውየውን ከቅጽሉ ጋር ያገናኛሉ። ስለዚህ «ሺ ሲምድ ዲሳይሲቭ» ነው። ስትጠራጠር ግሱን በ«ዎዝ» ትተካው። «ሺ ዎዝ ዲሳይሲቭ» ሐሳቡን ሳይለውጥ ይቆማል፣ ስለዚህ ቅጽል ይገባዋል። «ሺ አክትድ» ያለውን በ«ዎዝ» ብትተካው ግን ያደረገችው ነገር ይጠፋል፣ እዚያ ላይ «ሊ»ን አትልቀቅ።

«ሉክ» ላይ ትጠንቀቅ፣ ሁለት መልክ አለው። ሰውዬው ቆራጥ ይመስላል ስትል ቅጽል ነው። ሰነዱን በጥንቃቄ አየው ስትል ግን «ሉክድ አት ኢት ኬርፉሊ» ነው። አሥር ያህል ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ትጻፍና እዚህ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።