የሆቴል ልብስ ያተርፋል ይላል ሒሳባችን፣ ብሩ ግን የታለ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። የስፌት ድርጅት ሒሳብ እይዛለሁ። በዓመት 9,000 የተማሪ ዩኒፎርምና 1,000 የሆቴል ሠራተኛ ልብስ እንሰፋለን፣ ሁለቱም በፍሬ አንድ ሰዓት ይፈጃሉ። ኦቨርሄዳችን፣ ማለትም ከጨርቅና ከሰፊ ውጪ ያለው ወጪ፣ 600,000 ብር ነው፣ በ10,000 ሰዓት ሲካፈል በፍሬ 60 ብር ይደርሳል። የጨርቅና የሰፊ ወጪ ለዩኒፎርሙ 620፣ ለሆቴሉ 850 ብር። የምንሸጠው በ700 እና በ1,050። ስለዚህ ዩኒፎርሙ 20፣ የሆቴሉ 140 ብር ያተርፋል። ባለቤቱ ወደ ሆቴሉ እንዙር እያለ ነው። ግን ባለፈው ዓመት የሆቴል ሥራ ሲበዛ ትርፋችን ወረደ። ምኑ ጋ ነው ችግሩ?

የወልድያው
ማካፈያሽ ነው ችግሩ እህቴ። የሰው ሰዓት ድሮ ቀረ፣ በማሽን ሰዓት አካፍዪው፣ ይስተካከላል።

ጋሼ ኮስት
ማካፈያው ላይ ጣትህን ማድረግህ ልክ ነው ወንድሜ፣ መፍትሔው ግን እዚያው ያቆመናል። የማሽን ሰዓትም ቢሆን ፍሬ በበዛ ቁጥር ይበዛል። ስለዚህ ዘጠኝ እጥፍ የተሰፋው ዩኒፎርም አሁንም ከኦቨርሄዱ ከአሥር ዘጠኝ እጁን ይሸከማል። ጥያቄው ወጪው የሚመጣው በፍሬ ብዛት ነው ወይ ነው። እህቴ፣ ሦስት ነገር ንገሪኝ። 600,000ው ምን ምን ነው? በዓመት ስንት ጊዜ ቅድ ወጥቶ፣ ክር ተቀይሮ፣ ማሽን እንደገና ተስተካክሏል? ኦርደሩስ ስንት ነው?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
ከኦርደር ደብተሩ ቆጠርኩት። 300,000 ኪራይ፣ መብራት፣ ጥገና ነው። 200,000 የቆራጩና የማሽን ባለሙያው ደሞዝ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ቆራጭ ጨምረናል። 100,000 ሳምፕል መሥራት፣ ደሴና ሐይቅ ድረስ እየተመላለሱ ልክ መውሰድ፣ ኦርደር መከታተል። ማሽን የተስተካከለው 50 ጊዜ ነው፣ ለዩኒፎርም 10፣ ለሆቴል 40። ኦርደር 25፣ ዩኒፎርም 5፣ ሆቴል 20።

ጋሼ ኮስት
አብሽሪ፣ መልሱ ደብተርሽ ውስጥ ነው ያለው። ቆራጩን የጨመራችሁት የሆቴል ሥራ ሲበዛ ነው፣ አይደል? ደሞዙን ግን የድሮው ሒሳብ ለዩኒፎርሙ በፍሬ እያካፈለ አሸከመው።

አሁን እያንዳንዱን ወጪ በሚያመጣው ነገር እናካፍለው። ኪራይና መብራቱ ከሰዓት ጋር ይሂድ፣ በሰዓት 30 ብር ነው። የቆራጩና የማሽን ባለሙያው 200,000 በ50 ማስተካከያ ሲካፈል ለአንዱ 4,000 ብር። የሳምፕልና ክትትሉ 100,000 በ25 ኦርደር፣ ለአንድ ኦርደር 4,000 ብር።

ዩኒፎርሙ ላይ 270,000 እና 40,000 እና 20,000 ይወድቃል፣ ጠቅላላ 330,000፣ በፍሬ 37 ብር ግድም። ሆቴሉ ላይ 30,000 እና 160,000 እና 80,000፣ ጠቅላላ 270,000፣ በፍሬ 270 ብር። ስለዚህ ዩኒፎርሙ 43 ብር ገደማ ያተርፋል፣ የሆቴሉ ልብስ ግን 1,120 ብር ወጥቶበት በ1,050 ይሸጣል። በፍሬ 70 ብር ኪሳራ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የድርጅቱ ትርፍ በሁለቱም መንገድ 320,000 ብር መምጣት አለበት፣ ካልመጣ አንዱ ቦታ የተረሳ ወይም ሁለቴ የተቆጠረ ወጪ አለ። ኤቢሲ የሚሉት ዘዴ ይሄው ነው፣ አዲስ ብር አይፈጥርም። የማን ወጪ በማን ላይ እንደተጫነ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ብረታብረት ደሴ
እኔ በርና መስኮት ነው የምሠራው፣ ሁሉም በልክ የሚታዘዝ ነው። እኔም ይሄን ነገር ብጀምር ይጠቅመኛል? የብረት ዋጋ ራሱ ዓመት ሙሉ እየዘለለ አስቸግሮኛል።

ጋሼ ኮስት
የብረቱ ዋጋ ቀጥተኛ ወጪ ነው፣ ይሄ ዘዴ አይነካውም። በሮችህ ሁሉ ተመሳሳይ ልፋት የሚጠይቁ ከሆነ የድሮው ሒሳብም ብዙ አያስትህም። ልዩነቱ የሚሰፋው አንዱ ምርት በብዛት፣ ሌላው በጥቂቱ እየተሠራ፣ ጥቂቱ ግን ማሽን ማስተካከሉንና ምልልሱን ሲያበዛ ነው።

የወልድያው
እሺ፣ ገባኝ። እንግዲህ ሆቴሉን ነቅሎ መጣል ነው። 70,000 ብር የሚበላ ሥራ ምን ይሠራል?

ጋሼ ኮስት
ቆይ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ሆቴሉን ብትተዉ 200,000 ብር ታጣላችሁ፣ በፍሬ 1,050 ሲቀነስ 850፣ ሲባዛ 1,000። የሚቀርላችሁስ? የሳምፕልና ምልልሱ 80,000 በአብዛኛው ይቀራል፣ ከመብራቱም ትንሽ። ኪራዩ አይቀንስም። ቆራጩ ካልተሰናበተ ደሞዙ ይቀጥላል። ሰፊዎቹ በደሞዝ ከሆኑ የእነሱም እንደዚያው። ቦታውን የሚሞላ ተጨማሪ የዩኒፎርም ገበያ ከሌለ በመተዋችሁ ከ100,000 ብር በላይ ትከስራላችሁ።

ይልቅ የሆቴሉን ኦርደር በየመጠኑ ለዩት። አንድ የሆቴል ኦርደር በአማካይ ሁለት ማስተካከያና አንድ ክትትል ይፈልጋል፣ 12,000 ብር ማለት ነው፣ 20 ልብስም ይሁን 100። 20 ልብስ ላይ ሲካፈል በፍሬ 600፣ በ30ው ላይ ሲደመር 630። አንዱ ልብስ 1,480 ብር ወጣበት፣ የሸጣችሁት ግን በ1,050። 100 ልብስ ላይ ከሆነ ግን በፍሬ 120 ብር ብቻ ነው፣ ወጪው 1,000፣ 50 ብር ተረፈ። ትርፍም ኪሳራም የሌለበት መቁረጫው 71 ልብስ አካባቢ ነው፣ የእናንተ አማካይ ደግሞ 50። ስለዚህ ከ71 በታች ለሆነ ኦርደር የማስተካከያና የሳምፕል ክፍያ ለብቻው አስከፍሉ፣ ወይም ትንሹን ኦርደር ከተመሳሳይ ጨርቅና ክር ጋር አዳብላችሁ ስፉ።

ስፌት ቤት (ደሴ)
እኔ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የተማሪ ሥራ ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው፣ ከዚያ በኋላ ቆራጩ እጁን አጣጥፎ ነው የሚውለው። ሆቴሉ ያንን ባዶ ጊዜ ከሞላ፣ እንዴት አብዛኛው ደሞዙ በሆቴሉ ላይ ይጫናል? ልክ አይደለም።

ጋሼ ኮስት
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደሞዙ መካፈል ያለበት በተሠራው ሳይሆን ሊሠራ በሚችለው ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በዓመት 80 ማስተካከያ የሚችሉ ከሆነ አንዱ 4,000 ሳይሆን 2,500 ይሆናል። ያልተሠራው 30 ማስተካከያ፣ 75,000 ብር፣ በየትኛውም ምርት ላይ አይጫን፣ ያልተሠራበት ጊዜ ወጪ ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ። በዚህ አካሄድ 50 ልብስ ያለው የሆቴል ኦርደር በፍሬ 1,060 ያወጣል፣ ኪሳራው ወደ 10 ብር ይወርዳል። መቁረጫውም ወደ 53 ልብስ ይመጣል።

ስፌት ቤት (ደሴ)
80ውን ማን ይወስናል? መብራት የሚጠፋበትን ቀን ቆጥራችሁ ነው ወይስ ሳትቆጥሩ?

ጋሼ ኮስት
ሠራተኞቹን ጊዜያችሁን በመቶኛ አካፍሉልን ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ሁሉም 100 እንዲሞላ ያደርገዋል፣ ባዶው ጊዜ ይደበቃል። አንድ ማስተካከያ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቆማችሁ ለኩ። መብራቱን በተመለከተ እኔ የተለመደውን መቋረጥ ከሚችሉት ሰዓት ላይ እቀንሳለሁ፣ ሌሎች ባለሙያዎች አይቀንሱም። እዚህ ላይ አልስማማም የሚል ካለ ይጻፍ።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ተባረኩ። ሰኞ ማስተካከያውን በሰዓት እለካለሁ። ግን አንድ ሆቴል በየወሩ 15 ልብስ ያዛል፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ቅድ ነው፣ ሳምፕል አይፈልግም። እሱንም እንደ ሌላው 12,000 ልቆጥርበት ነው?

ጋሼ ኮስት
አይ፣ ለእሱ ለብቻው ቁጠሪ። ሳምፕልና ቅድ ከሌለበት የሚቀረው ክር መቀየርና ማድረስ ነው። የዓመቱን 180 ልብስ በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ የሚስማማ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ደንበኛሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ጨርቁን ለመግዛት ቀብድ ይከፍል እንደሆነ ጠይቂው።