«አቶ» ይቅር ወይስ ይኑር? ከሀዋሳ የግብዣ ደብዳቤ የተነሳ ክርክር

አስተባባሪዋ፦ «ለሁለት ቀን ስልጠና 60 የግብዣ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ነበር። የተሰጠኝ ዝርዝር ስምና ስልክ ብቻ ነው። "አቶ ስንታየሁ" ብዬ የላክሁላቸው ሰው ሴት ሆነው ተገኙ፣ ያውም ዶክተር። በር ላይ የደረት ካርዳቸውን አንስተው አዩት። መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ያለ ካርድ ገቡ። ሁለቱን ቀን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። አለቃዬ "ለማታውቂው ሁሉ አቶ በይ፣ የተለመደ ነው" ይላሉ። እኔ ደግሞ አቶና ወይዘሮ ከደብዳቤያችን ጭራሽ ይውጡ ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

የታቦር ልጅ፦ አለቃሽ ልክ ናቸው። 60 ደብዳቤ ላይ አንድ ስህተት ምንም አይደለም። ደግሞ ስም አይቶ መለየት ከባድ አይደለም። በ«ሽ» ወይም በ«ች» ካለቀ ሴት ነው፣ ካልሆነ ወንድ። ስንታየሁ ሲባል እኔም የሚመጣልኝ ወንድ ነው።

መዝገብ ቤት፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤ ወጪ በማድረግ ነው ያረጀሁት። ያንተ መለያ ለአበበችና ለወርቅነሽ ይሠራል፣ ከዚያ ያለፈ አይሄድም። ስንታየሁን እየው። «ስንት አየሁ» ያለው ወላጅ ነው። ስሙ ስለ እናት ወይም ስለ አባት ይናገራል እንጂ ስለ ልጁ ምንም አይልም። ደስታ፣ ዓለም፣ አዲስዓለም፣ ያብስራም እንደዚያው ናቸው። ሣህለወርቅ የሚለውን ስም ብቻውን ወረቀት ላይ ብታየው፣ ፕሬዚዳንታችን የነበሩትን ባታውቅ፣ ሴት ናቸው ትል ነበር? ሀዋሳ ላይ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የኦሮሞ ስም አለ። በአማርኛ ጆሮ ጾታ መገመት እዚያ ጨርሶ አያዋጣም።

እህቴ፣ አንቺ «አቶ» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ቆምሽ። ግምቱ ደብዳቤው ሆድ ውስጥም አለ። «እንድትገኝ» ካልሽ ወንድ አደረግሽ፣ «እንድትገኚ» ካልሽ ሴት። «እንዲገኙልን» ካልሽ ግን ማንንም አልነካሽም። እርስዎ እና እሳቸው ወንድ ሴት አይሉም፣ አማርኛ ይህን መውጫ ሰጥቶናል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች በእርስዎ ጻፊው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰው ራስጌውን አስተካክሎ ግርጌው ላይ «ጽሑፍህን አስቀድመህ ላክልን» ይላል። የድሮ ደብዳቤ ገልብጦ ስሙን ብቻ ስለሚቀይር ነው። «ክቡር» እና «ክብርት»ም ያጋልጣሉ። «የተከበሩ» በይ። ፓርላማ ውስጥ ለወንዱም ለሴቷም የሚባለው እሱ ነው።

ሀኪሟ፦ እኔ የራሴን ላውራ። በየቀኑ የሚያጋጥመኝ ስለሆነ ነው። ጠዋት ታካሚ ስናይ አጠገቤ ወንድ ነርስ ይቆማል። እኔ መርምሬ፣ መድኃኒቱን ጽፌ፣ ለእናትየዋ አስረዳለሁ። እናትየዋ ጨርሳ ወደ እሱ ዞር ትልና «ዶክተር፣ መቼ ልመለስ?» ትላለች። ለእኔ «ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች። ሲስተር መባል ነውር የለበትም፣ ብዙ የተማርኩት ከሲስተሮች ነው። ግን ሰው ጾታዬን አይቶ ሙያዬን ገመተ ማለት ነው። አስተባባሪዋ ደግሞ የግምት ጾታ ሰጥታ ማዕረጉን አስቀረች። እኚያ ሴት ካርዱን ያስቀመጡት ለምን እንደሆነ እኔ በደንብ ይገባኛል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ እኔ የገባኝ መምህሮቻችንን እንዴት እንጥራ የሚለው ነው። ቀላሉ መፍትሔ ሁሉንም «ፕሮፌሰር» ማለት ነው። አሜሪካ ረዳትም ይሁን ተባባሪ፣ ሁሉም ፕሮፌሰር ነው የሚባለው። ከፍ አድርገህ ብትጠራ ማን ይቀየማል?

መዝገብ ቤት፦ ስለ አሜሪካ ያልከው ልክ ነው። እዚህ ግን ፕሮፌሰር ተብሎ የሚጠራው ሙሉ ፕሮፌሰር ነው። ረዳትና ተባባሪ ፕሮፌሰሮች ዶክትሬት ካላቸው ዶ/ር ይባላሉ። ዶክትሬት ሳይኖራቸው በማስተርስ ረዳት ፕሮፌሰር የሆኑም አሉ። እነሱን ዶ/ር ካልክ የሌላቸውን ሰጠህ። ሰው ፊት ቆሞ «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ ማረም አለበት። እሱም ማሳፈር ነው።

ሀኪሟ፦ ከውጭ የሚመጣ እንግዳም ካለ ተጠንቀቂ። Andrea የሚባል ሰው ጀርመን ቢሆን ሴት ነው የምትጠብቂው፣ ጣሊያን ከሆነ ወንድ። ለሁለቱም በማዕረግና በቤተሰብ ስም ብትጽፊ ትድኛለሽ። የእኛ ሰው ላይ ግን ይህ አይሠራም። የውጭ ስብሰባ ላይ በመጨረሻው ስሜ «ዶክተር» ብለው ሲጠሩኝ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ፣ አባቴን የጠሩ ነው የመሰለኝ። የእኛ ማዕረግ ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሁላችሁም ስለ ዶክተር ታወራላችሁ። የእኔን ነገር ማን ያንሳ? 38 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ዶክትሬት የለኝም። «አቶ» ከወጣ እኔ ባዶ ስሜን ይዤ እቀራለሁ ማለት ነው። ልጄ የሚሆን ሰው ያለ አቶ ሲጽፍልኝ የጠራኝ ሳይሆን ያዘዘኝ ነው የሚመስለኝ። ዶክተሩ ማዕረጉን ይዞ ይቀጥላል፣ ገበሬውና መምህሩ ብቻ ይራቆታሉ። ይህ እኩልነት ነው?

አስተባባሪዋ፦ ጋሼ፣ ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። «የተከበሩ» ቢባልስ?

ጡረተኛው መምህር፦ ለሁሉም ከተባለ ደህና። ለእኔ ብቻ ከሆነ ግን ማጽናኛ ነው።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ ያሉት ገብቶኛል። የ«ሽ» እና የ«ች»ውን ነገር ትቼዋለሁ። አቶ ይጥፋ በሚለው ግን አልስማማም። የሚያውቁትን ሰው አቶ ማለት ግምት አይደለም። መገመት ይቅር እንጂ አቶ ለምን ይቅር?

መዝገብ ቤት፦ እኔም ወደዚያው ነኝ። ማዕረግ የሚጻፈው ሲታወቅ ነው፣ ካልታወቀ ይጠየቃል። አጠያየቁም ቀላል ነው። «ወንድ ነዎት ሴት?» አይባልም፣ የስልክ ድምፅም አይታመንም። «በደብዳቤው ላይ ስምዎ እንዴት ይጻፍልዎ?» በይ። ማዕረጉንም የስሙን አጻጻፍም በአንድ ጊዜ ይነግሩሻል። ከዚያ ጋዜጦች እንደሚያደርጉት ማዕረጉን ከስም በኋላ በቅንፍ አድርጊው። «ለ» ከስሙ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ማዕረግ ከፊት ሲሆን ባዶ የሆነው ሰው ላይ «ለ» ብቻዋን ተንጠልጥላ ትወጣለች። እኛ ቢሮ ኤክሴል ላይ ስም A፣ ማዕረግ B አድርገን የምንጠቀመው ይህ ነው፦

```
="ለ"&A2&IF(B2="",""," ("&B2&")")
```

B ባዶ ከሆነ ቅንፉም አይመጣም።

ሀኪሟ፦ የደረት ካርዱንስ? ከደብዳቤው ይልቅ ያሳመማቸው እሱ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ የሚያነበው ነው።

አስተባባሪዋ፦ ካርዱንም ከዚያው ዝርዝር አወጣዋለሁ። በመጀመሪያ ለዶ/ር ስንታየሁ ደወልኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ዋናው ለሚቀጥለው ማስተካከልሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ለሚቀጥለው ዙር 11 እርግጠኛ ያልሆንኩባቸው ሰዎች ጋ ደወልኩ። ሰባቱ ማዕረጋቸውን ነገሩኝ። ሁለቱ «ስሜ ብቻ ይበቃል» አሉ። አንዱ «መምሬ በዪኝ» አሉኝ፣ ይህ ዝርዝሬ ላይ ጭራሽ አልነበረም። አንዱ ደግሞ «ኢንጂነር ብለሽ ጻፊ» አሉ። አለቃዬ «ኢንጂነር ሥራ እንጂ ማዕረግ አይደለም፣ አይጻፍም» ብለዋል። ደብዳቤው ሰኞ ይወጣል።

የታቦር ልጅ፦ ጠይቀሽ ካልጻፍሽው ለምን ጠየቅሽ?

መዝገብ ቤት፦ እኔ ግን አለቃሽን እደግፋለሁ። ዛሬ ኢንጂነር ከጻፍሽ ነገ አካውንታንት ይመጣል።

ጡረተኛው መምህር፦ ነገ መምህር ቢመጣስ ምን ችግር አለው?