የወሎ ምሳሌያዊ ንግግር በአረጋውያንና በወጣቶች አንደበት፦ የጋራ ዕቅዱን ርዕስና አሠራር እንቁረጥ

ዘይነባ (አስተባባሪ)
እንደምን ዋላችሁ። የሥነ ጽሑፍ ክፍላችን የሚያቀርበውን የጋራ ዕቅድ ርዕስ ዛሬ እንቁረጥ። እስካሁን የቀረቡት የለቅሶ ግጥም፣ የእንስሳት ተረትና ምሳሌያዊ ንግግር ናቸው፤ ሦስቱም አረጋውያንና ወጣቶችን ያነጻጽራሉ። እኔ ወደ ምሳሌያዊ ንግግሩ አዘነብላለሁ። ለቅሶ ቤት መቅረጫ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ተረት ደግሞ አንዱ ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ለማነጻጸር አይመችም።

ሰዒድ
ታዲያ ምን ያስቸግራል? ሃምሳ ምሳሌያዊ ንግግር እንምረጥ፤ ግማሹን ብለንላቸው ቀሪውን ይሙሉ። ሽማግሌዎቹ አርባውን ይሞላሉ፣ ወጣቶቹ አሥሩን። ርዕሱም «የምሳሌያዊ ንግግር በወሎ ወጣቶች ዘንድ መጥፋት» ይባል።

ጋሼ ይመር
ማስሞላቱን እደግፋለሁ። «የምታውቀውን ንገረኝ» ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይልና እዚያው ይደርቅበታል። ግን ሰዒድ፣ መሙላት ብቻውን ማወቅን አይለካልህም። «ብርሌ ከነቃ» ብትለው የከተማው ልጅ «አይሆንም ዕቃ» ይልሃል፤ ቤት ስለሚመታ ምላሱ ላይ ይመጣለታል። «ብርሌው ምን ሆነ?» ስትለው ግን መሰንጠቁን ላያውቅ ይችላል፤ «ነቃ»ን ከእንቅልፍ ጋር ያያይዘዋል። የ«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ ቆጥ አይቶ አያውቅም፤ ሆኖም የያዘውን ሥራ ትቶ ለተሻለ ሲሮጥ ሁለቱንም ላጣ ሰው በትክክል ይናገረዋል። በአንዱ ቃሉ ተርፎ ትርጉሙ ተጎድቷል፤ በሌላው ዕቃው ከቤት ወጥቶ ትርጉሙ አለ። አንተ እንዳልከው ብንቆጥር ሁለቱም «ያውቃል» ተብለው እኩል ይመዘገባሉ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ይኑር፦ ሙላው፤ ምን ማለት ነው፤ ለማን፣ ምን ሲሆን ትለዋለህ። የሦስቱን ነጥብ አንደምረው፤ ለየብቻ ይቀመጥ። ከተመረጡትም ግማሾቹ ቤት የሚመቱ፣ ግማሾቹ እንደ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ቤት የማይመቱ ይሁኑ። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ከመልሱ ምን ያህሉ ግምት እንደሆነ ይጠቁመናል።

መሠረት
እኔ ዘንድ የአያቴ ሙሾ በካሴት አለ፤ ሁለት ካሴት ነው። ወደ ስልክ አስገልብጬ ላምጣው? መጽሐፉ ላይ ስሟ ቢጠቀስልኝ ደስ ይለኛል።

ዘይነባ
መሠረትዬ፣ መጽሐፍ አይደለም የምናወጣው፤ ንጽጽር ነው። ካሴቱን ግን ቶሎ አስገልብጪው፤ ሲቆይ ድምፁ ይጠፋል። ለሌላ ጊዜ እንይዘዋለን።

ሃምሳው ይበዛል ጋሼ። በሦስት ጥያቄ አንዱ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ ሽማግሌ መቶ ደቂቃ አይቀመጥልንም። 20 እውነተኛ ይበቃናል፤ እኛ የፈጠርናቸው 4 ደግሞ ይጨመሩ።

ደሳለኝ
የፈጠራዎቹ ጥቅም ምንድን ነው?

ዘይነባ
ከመሙላቱ በፊት «ሰምተኸው ታውቃለህ?» ብለን እንጠይቃለን። እንግዳ ላለማሳፈር ለሁሉም «አዎ» የሚል አለ፤ ወጣቱም እንዳያፍር «አዎ» ይላል። ከ4ቱ ፈጠራ 2ቱን «ሰምቻለሁ» ካለን «ሰምቻለሁ» ያላቸውን ሌሎቹንም አናምንም፤ የትርጉሙንና የአነጋገሩን መልስ ብቻ እንወስዳለን። ፈጠራዎቹን ግን አስቀድመን ለሦስት አራት አዋቂዎች እናሰማቸው፤ የሆነ መንደር በእውነት የሚባል ሆኖ እንዳይገኝ።

ደሳለኝ
ተጠያቂዎቹን ላመቻች። ወጣቶቹን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ፣ አረጋውያኑን ከኩታበር ገጠር ብናመጣስ? ሁለቱም ጋ ሰው አለን።

ጋሼ ይመር
እንዲያ ከሆነ ያነጻጸርከው ከተማንና ገጠርን፣ የተማረንና ያልተማረን ነው፤ ዕድሜው እዚያው ውስጥ ይሟሟል። ግቢው ውስጥ ያለው ተማሪም ሁሉ የወሎ ልጅ አይደለም። ከደሴም አረጋዊና ወጣት፣ ከኩታበርም አረጋዊና ወጣት ይሁን። ከ60 በላይ እና ከ18 እስከ 25፤ በአራቱ ምድብ 12፣ 12 ሰው፣ ግማሹ ሴት። 48 ሰው ይሆናል። ከአንድ ቤት አያትና የልጅ ልጅ አትውሰዱ፤ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ ከእኩዮቹ ይልቅ ብዙ ሰምቷል።

እትዬ አልማዝ
ሰዒድ ርዕሱ ላይ ያስገባው «መጥፋት» አልተዋጠልኝም። ምሳሌያዊ ንግግር ከኑሮ ጋር የሚመጣ ነው። የ20 ዓመት ልጅ አያስታርቅም፣ ሽምግልና አይቀመጥም፣ ልጅ አይድርም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»ን የት ይናገረዋል? የዛሬዎቹ ሽማግሌዎችም በ20 ዓመታቸው ላያውቁት ይችሉ ነበር። አንድ ጊዜ ጠይቀን የዕድሜውን ከትውልዱ መለየት አንችልም። ከ35 እስከ 45 ያሉትን ብንጨምር ትንሽ ያግዛል። ጎልማሶቹ ወደ ሽማግሌዎቹ ከቀረቡ የኑሮ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከወጣቶቹ ጋር ከገጠሙ ግን የሰዒድ ጥርጣሬ ክብደት ያገኛል። ያም ሆኖ ማስረጃ አይባልም፤ ዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሰዒድ
እሺ፣ «መጥፋት» ይውጣ። «የምሳሌያዊ ንግግር ዕውቀትና አጠቃቀም በሦስት የዕድሜ ክልሎች» እንበለው። ግን እትዬ፣ 72 ሰው ሊሆን ነው፤ ማን ይጠይቃል?

ዘይነባ
ከአጠቃቀሙ ጋር ሌላም ነገር አለ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል»ን ሁሉም ይሞላዋል፣ ሁሉም ይተረጉመዋል። ወጣቷ «ለማን ትይዋለሽ?» ስትባል ግን «አልለውም» ልትል ትችላለች፤ ወይም ወንድሟን ለማሾፍ ትለዋለች። ይህን «አታውቅም» ብሎ ዜሮ መስጠት ስህተት ነው። ለሦስተኛው ጥያቄ «አውቃለሁ፣ አልናገረውም» የሚል የራሱ ቦታ ይኑረው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ግኝት ከዚያ ይመጣል።

ጋሼ ይመር
ልክ ነሽ። ነጥቡን ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይስጡ፤ የተለያዩበትን ሦስተኛ ያየዋል። «ድር ቢያብር»ን «ድር ቢተባበር» ያለም ሞልቷል፤ አታርሙት፣ እንዳለው ጻፉት።

ደሳለኝ
ድምፁን ሁሉ እንጽፋለን? 24ቱ በሰው 48 ደቂቃ ነው፤ በ72 ሰው ወደ 58 ሰዓት ይጠጋል። አንዱን ሰዓት ለመጻፍ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይፈልጋል።

ዘይነባ
ሁሉንም አንችልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች እዚያው ቅጹ ላይ ይሞላሉ፤ ቃል በቃል የምንጽፈው የሦስተኛውን መልስ ብቻ ነው። ለአረጋውያን 24ቱን ለሁለት ከፍለን በሁለት ቀን እናድርገው። ቡና ላይ ስትቀርጹ ሙቀጫው ካረፈ በኋላ ጀምሩ፤ ስልኩን ረከቦቱ ላይ አታስቀምጡት፣ የሲኒው ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል።

ሰዒድ
ባጃጅ ላይ የሚለጠፉት ጥቅሶችስ? ወጣቱ አሮጌውን ምሳሌ ገልብጦ የሚቀልድበት እዚያ ነው።

እትዬ አልማዝ
ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ማን እንደፈጠረው ስለማይታወቅ ከዕድሜ ጋር ማያያዝ ይከብዳል። እኔ ለብቻው ይሁን እላለሁ።

ጋሼ ይመር
እኔ ደግሞ አይቅር ባይ ነኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ ስንጠይቅ ወጣቱ ራሱ ካነሳው እንመዝግበው።

መሠረት
ከሚሴስ? ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መልሰን እንጠይቃቸው?

ጋሼ ይመር
አይሆንም። የተመለሰ ምሳሌ ቤቱ ይፈርሳል፤ የምንለካውም የእኛን ትርጉም ይሆናል። ከሚሴ የራሱ የኦሮምኛ ዝርዝርና ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ጠያቂ ይፈልጋል።

ዘይነባ
ጠያቂ ከተገኘ ይገባል፣ ካልተገኘ በደሴና በኩታበር እንቀጥላለን። ደሳለኝ፣ ቅጹን አዘጋጅና መጀመሪያ በአራት ሰው ላይ ሞክረው። ኩታበር የምትሄዱት የገበያና የጁምዓ ቀን አይሁን፤ በአጨዳም ሰው ቤት አይገኝም።

ደሳለኝ
እሺ። የፈጠራዎቹን አራቱን ማን ይጽፋቸው?

ሰዒድ
ለእኔ ስጡኝ። አብሽሩ፣ አያቴን ራሷን የሚያታልል አወጣላችኋለሁ።