ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ የቆየ ድረ ገጽ የሚዘጋልኝ ባለሙያ ማን አለ?

የሂርማታዋ፦ የእንግዳ ማረፊያችንን ዘግተናል፤ ድረ ገጹ ግን እንዳለ ነው። ስልኬና የድሮው የአልጋ ዋጋ እዚያው ስላሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይደወልልኛል። ከጎግልም ከሌላም ቦታ የሚያጠፋልኝ፣ ዋጋውም የማይጎዳ ሰው ጠቁሙኝ።

ቡና አፍቃሪ፦ ፈረንጅ አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ያለው ልጅ። ሌላ ጋ አትሂጂ። አልሠራ ያለኝን ላፕቶፕ አስነሥቶልኛል።

ታዛቢ፦ ላፕቶፕ ማስነሣትና ድረ ገጽ መቅበር አንድ ሙያ መሆኑን ዛሬ ሰማን።

ነጋዴው፦ እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት የእኔን ስሚ። ድረ ገጼን የሠራልኝ ሰው ዶሜይኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሯል። ዝጋልኝ ብለው «መጀመሪያ ያለፈውን ክፍያ አምጣ» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሱቄ እንዳልተዘጋ ሆኖ ይታያል።

ታዛቢ፦ ውል አልነበራችሁም?

ነጋዴው፦ የአገር ልጅ ነው ብዬ ነዋ!

ተማሪ፦ ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? `robots.txt` ላይ `Disallow: /` ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ጎግል ራሱ ይተወዋል።

የሰርቨር ሰው፦ ተማሪ፣ ያ ጎግል ገጹን እንዳያነብ ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የያዘውን አያስጥለውም። እንዲያውም ገጹ መጥፋቱን እንዳያይ በሩን ትዘጋበታለህ።

የሂርማታዋ፣ ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ሆስቲንግም ዶሜይኑንም ዛሬውኑ አትሰርዢ። መጀመሪያ በጎግል `Search Console` ባለቤትነትሽን አረጋግጪ፤ የሚሰጥሽን የ`TXT` መስመር ዶሜይኑ ቅንብር ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ ገጾቹን አጥፊና ሰርቨሩ ገጹ የለም የሚለውን `410` ወይም `404` እንዲመልስ አድርጊ። እዚያው `Search Console` ውስጥ `Removals` በሚለው ስፍራ ስትጠይቂ ጎግል ከፍለጋ ይደብቀዋል፤ ግን ለስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። ገጹ በእውነት ካልጠፋ ተመልሶ ይመጣል።

የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በ`web.archive.org` የቀረው ቅጂ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ `info@archive.org` ጽፈሽ ትጠይቂያለሽ፤ ከራሱ ከዶሜይኑ የኢሜይል አድራሻ ብትልኪው ባለቤትነትሽን ለማሳየት ይረዳል። ኢሜይሉ ከሆስቲንጉ ጋር ከሆነ ደግሞ ሆስቲንጉን ስትዘጊ አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው። ጥያቄውን መቀበል አለመቀበል ግን የእነሱ ውሳኔ ነው።

ዶሜይኑን ደግሞ ጊዜው አልፎ እንዲወድቅ አትተዪው። ሌላ ሰው አንሥቶ በማረፊያሽ ስም የፈለገውን ሊለጥፍበት ይችላል።

አዲስ ገቢ፦ ጅማ ውስጥ በርካሽ ድረ ገጽ የሚሠራ ካለ እኔንም ጠቁሙኝ።

ታዛቢ፦ ነጋዴውን ጠይቅ፤ አንድ ሰው ያውቃል።

የሂርማታዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶሜይኑ በማን ስም እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። የሠራልን ልጅ አሁን አዲስ አበባ ነው።

የሰርቨር ሰው፦ `lookup.icann.org` ላይ ስሙን ጻፊው። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው የሚታየው፤ የመዝጋቢው ድርጅት ስም ግን ይወጣል። ከዚያ ድርጅት የመጣ የክፍያ ደረሰኝ ኢሜይልሽ ውስጥ ካለ መልካም ነው። ከሌለ ልጁን ማግኘት ግድ ነው።

ነጋዴው፦ አላልኳችሁም?

ቡና አፍቃሪ፦ ለማንኛውም የፈረንጅ አራዳው ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል።