ያለ ጥፋቷ «ሌባ» ላልኳት ባልደረባዬ የይቅርታ ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ የክር ፋብሪካ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሁለት ካርቶን ክር ጎደለ ብዬ የመጋዘን ሠራተኛዋን ሰው ፊት «ሌባ» አልኳት። ሲጣራ ክሩ በሌላ ፈረቃ በሰነድ ወጥቶ ኖሯል። የሰው ኃይል ቢሮም የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈህ አምጣ ብሎኛል። የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «በመካከላችን በተፈጠረው አለመግባባት ቅር ተሰኝተሽ ከሆነ ይቅርታ። የሥራ ጫና በዝቶብኝ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።» ይበቃል?

የቦርከና ልጅ፦ ወንድሜ፣ ምንም እንዳትጽፍ። የፈረምክበት ወረቀት ነገ ማስረጃ ይሆንብሃል። ሽማግሌ ላክና አፉ በይኝ በላት፣ አለቀ።

የፒያሳዋ (ደሴ)፦ እኔንም አለቃዬ ደንበኛ ፊት ሰድቦኝ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ግማሹ ስለ እሱ ድካም ነው። የሰደበኝ ሰው ሰብስቦ፣ ይቅርታው ግን በፖስታ። እስካሁን አልወጣልኝም።

ጦሳ ሥር፦ በሰው ኃይል አስተዳደር ስለሠራሁ ብዙ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። «አለመግባባት» የሚለውን አውጣው። አልተጋጫችሁም፤ አንተ ነህ ስሟን ያጠፋኸው። «ቅር ተሰኝተሽ ከሆነ» የሚለውም ይውጣ፣ መከፋቷ ምን ያጠራጥራል? የሥራ ጫናውንና ሰይጣኑን ተዋቸው፤ ጥፋቱን ከአንተ ላይ ያነሳሉ።

እንዲህ ብትላት ይሻላል፦

«ማክሰኞ ጠዋት ፈረቃ ስንረካከብ፣ ሠራተኞች ፊት ሌባ ብዬሻለሁ። ያልኩት ሐሰት ነው። የወጪ ሰነዱን ሳላይ ነው የተናገርኩት። ስምሽን አጉድፌያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከፈቀድሽ ይህንኑ እዚያው ፈረቃ ፊት እናገራለሁ። ከእንግዲህ ጉድለት ሲኖር አስቀድሜ ሰነዱን ካንቺ ጋር አመሳክራለሁ።»

«ከፈቀድሽ» የምትለዋን እንዳትዘላት። ነገሩ ሰው ፊት ዳግም እንዲነሳ ላትፈልግ ትችላለች። «ይቅር እንደምትይኝ አምናለሁ» ብለህም አታስጨንቃት።

የቦርከና ልጅ ያለው ግማሹ እውነት ነው፤ ለቢሮው የምትሰጠው ማህደርህ ውስጥ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት በሥራ ቦታ ጠብ ማንሳት እንደ ክብደቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ ለቢሮው ለብቻው አጭር ደብዳቤ ጻፍ። ያደረግኸውን ብቻ አስፍር፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሳታነብ አትፈርም። «ቅጣቱ ይቅለልልኝ» የምትል ከሆነ እዚያ ላይ በላት። የእሷ ደብዳቤ ላይ ከገባች ይቅርታህ ለደመወዝህ ብለህ የጻፍከው ይመስላል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ሽማግሌስ? ከደብዳቤው በፊት ወይስ በኋላ?

የፒያሳዋ፦ በኋላ፣ እሱም እሷ ከፈለገች። ሽማግሌ ቀድሞ ቤቷ ከመጣ እምቢ ማለት ይከብዳታል።

የቦርከና ልጅ፦ እኔ አልስማማም። እዚህ ወሎ ሰው አስቀይሞ ወረቀት ብቻ ይዞ የሚመጣ እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ሽማግሌው ይቅደም።