ኤንፒቪው ኔጌቲቭ የወጣ የፓስታ መስመር፦ እንተወው ወይስ እንግዛው?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)፦ ኮምቦልቻ ባለ የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የፓስታ መስመር ለመጨመር ታስቧል። ዋጋው 20 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለ5 ዓመት በየዓመቱ 5.5 ሚሊዮን የተጣራ ገንዘብ ያስገባል። ገቢውን በ18 በመቶ ወደ ዛሬ መልሼ ወጪውን ስቀንስ ኤንፒቪው -2.37 ሚሊዮን ወጣ። ባለቤቶቹ «ስትራቴጂያዊ ነው» ብለው ሊገዙት ነው። ምን ልበላቸው?

ሐይቅ ዳር፦ ኔጌቲቭ ከሆነ ኪሳራ ነው ወንድሜ፣ ተዉት። ካልሆነም ሬቱን ወደ 11 አውርደው፣ ያልፋል።

ጦሳ፦ ኪሳራ እንኳ አይደለም። በ5 ዓመት 27.5 ሚሊዮን ይገባል፣ ዋናውም ይመለሳል። ችግሩ ገንዘቡ የሚያፈራው ወደ 11.6 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው፤ የምትፈልጉት ደግሞ 18 ነው። ሬቱን ማውረድ ግን ጉድለቱን መደበቅ ነው፤ አታድርገው።

ቁጥርህም ትንሽ ተዛብቷል። 20 ሚሊዮኑን የ`NPV` ቅንፍ ውስጥ ያስገባኸው ይመስለኛል። ኤክሴል ቅንፉ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ቁጥር ከዓመት በኋላ እንደሚከፈል ይቆጥረዋል። የዛሬውን ወጪ (በመቀነስ ምልክት `B1` ላይ) ውጭ አውጣው፦

```
=NPV(18%,B2:B6)+B1
```

-2.80 ሚሊዮን ይሰጥሃል።

ባለቤቶቹን እንዲህ ጠይቃቸው፦ «ስትራቴጂው በዓመት ስንት ብር ያወጣል?» 2.80 ሚሊዮንን ለ3.127 (የ5 ዓመት፣ በ18 በመቶ) ስታካፍለው ወደ 900 ሺህ ብር ይመጣል። ለምሳሌ ዱቄትና ፓስታ ከአንድ ቦታ መጫን የሚፈልጉ አከፋፋዮች ፓስታ ስለሌላችሁ የሚሄዱ ከሆነ፣ በእነሱ ምክንያት ከዱቄቱ የሚቀርባችሁን የተጣራ ገንዘብ አስላ። ሽያጩን አይደለም፤ ከስንዴው፣ ከመብራቱና ከማጓጓዣው ወጪ የሚተርፈውን ነው። በዓመት ከ900 ሺህ ከበለጠ መግዛቱ ያዋጣል። የደንበኞቹን ስም ዘርዝረው ማሳየት ካልቻሉ ግን ምክንያቱ ገና ምኞት ነው።

መርሳ፦ እኛ ቆዳ ፋብሪካ ነን። የፍሳሽ ማጣሪያው ምንጊዜም ኔጌቲቭ ነው፣ ግን ገዛን። ስለዚህ ኤንፒቪ ብዙም አያስፈልግም።

ጦሳ፦ የእናንተው ሌላ ነው እህቴ። ማጣሪያው ግዴታ ስለሆነ የሚነጻጸረው ከመዘጋት ጋር ነው፤ ከዚያ አንጻር ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። እነሱ ፓስታውን ቢተዉት ዱቄቱ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የቦርከና ልጅ፦ 5.5ቱ በዛሬ ዋጋ ነው ወይስ ጭማሪ አስገብተህበታል?

የቦርከና ልጅ፦ በዛሬ ዋጋ ነው ጋሼ፤ አምስቱንም ዓመት አንድ ዓይነት አደረግኩት።

ጦሳ፦ እንግዲያው ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። 18ቱ የባንክ ወለድ ከሆነ የዋጋ ንረቱን ይዟል፣ ገቢህ ግን አልያዘም። የተጣራው ገንዘብ በየዓመቱ 8 በመቶ ቢያድግ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዓመት 5.94 ሆኖ ቢቀጥል፣ ኤንፒቪው ወደ +1.25 ሚሊዮን ይገለበጣል። ይህን አይተህ ግን አትቸኩል፤ የስንዴው ዋጋ ከፓስታው ቀድሞ ከጨመረ ያ 8 በመቶ አይገኝም። ሁለቱን ለየብቻ አሳድገህ ሥራው።

ሐይቅ ዳር፦ የስንዴውን ጭማሪ ለ5 ዓመት ማን ያውቃል?

ጦሳ፦ ማንም። ስለዚህ ኤንፒቪው ዜሮ እስኪሆን ስንዴው ምን ያህል መጨመር እንዳለበት ፈልግ፤ ያ ልክ ይደርሳል አይደርስም የሚለውን ግዥ ክፍሉ ካንተ የበለጠ ያውቃል።

የቦርከና ልጅ፦ የአከፋፋዮቹን ዝርዝር ነገ ከሽያጭ ክፍል እጠይቃለሁ። የስንዴውን አብሬ እሠራዋለሁ።