የዘጌው ሞዴል ዕቅድ፦ ከብሌንደር ወደ ዩኒቲ ሲገባ አቅጣጫውን የሚገለብጠው ማነው?

ውባለም (ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። የዘጌውን ቤተ ክርስቲያን ሞዴል በጋራ ለመሥራት በምናቀርበው ዕቅድ ላይ አንድ ክፍል ባዶ ነው። ሞዴሉ ከብሌንደር ወጥቶ ዩኒቲ ውስጥ ሲገባ አቅጣጫውን ማን እንደሚያስተካክል አልጻፍንም። ባሕር ዳር ያለነው ሕንጻውን እንሠራለን፣ ደብረ ማርቆስ ያሉት ፕሮግራሙን ይሠራሉ፣ ፋይሉ በመሃል ሲመላለስ ይኖራል። በሙከራው ፋይል ላይ የሆነውን አይታችኋል። የሴቶች መግቢያ በሰሜን፣ የወንዶች በደቡብ ሆኖ ወጣ። ሕንጻው ክብ ስለሆነ ከሩቅ ምንም አያስታውቅም። የተያዘው ግድግዳው ላይ ያለው የግእዝ ጽሑፍ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ስለነበር ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ሕዝብ ፊት ቢወጣ ምእመኑ ምን ይለናል? ሐሳብ አምጡ፣ ረቂቁን የምጽፈው ከዚሁ ነው።

ሙሉቀን (ፍኖተ ሰላም)
ይሄ እኮ ቀላል ነው። ብሌንደር ላይ ወደ ላይ የሚያሳየው Z ነው፣ ዩኒቲ ላይ ደግሞ Y። X ላይ 90 ዲግሪ ማዞር ነው፣ አለቀ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚመጣልኝ።

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
ሙሌ፣ ያልከው ግማሹን ይፈታል። ማዞሩ ሞዴሉን ያቆመዋል። ግን ብሌንደር የቀኝ እጅ ሥርዓት ነው፣ ዩኒቲ የግራ እጅ። የግራ እግር ጫማ የቱንም ያህል ብታዞረው የቀኝ አይሆንልህም። የግድ የአንድ ዘንግ ምልክት መቀየር አለበት።

በራሳችን ሞዴል ላይ እንየው። ብሌንደር ውስጥ X ምሥራቅ፣ Y ሰሜን፣ Z ወደ ላይ ነው እንበል። የሴቶች በር ከመሃሉ 9 ሜትር ወደ ደቡብ ቢሆን ቦታው (0, -9, 0) ነው። ወደ ጂኤልቲኤፍ ፋይል ስናወጣው ብሌንደር (x, y, z) የነበረውን (x, z, -y) ያደርገዋል፣ ስለዚህ በሩ (0, 0, 9) ላይ ይውላል። ይሄ አንተ ያልከው ማዞር ነው፣ ጂኤልቲኤፍም እስካሁን የቀኝ እጅ ነው። ቀጥሎ ወደ ዩኒቲ ሲገባ የZን ምልክት እንቀይራለን፣ በሩ (0, 0, -9) ይሆናል። አሁን ዩኒቲ ውስጥ ፊታችሁን ወደ +Z አድርጋችሁ ቁሙ። ሰሜን ከፊት፣ ምሥራቅ በቀኝ፣ የሴቶች በር ከኋላ። ልክ ነው።

ሁለተኛውን እርምጃ ብንተወውስ? ምሥራቅ +X ላይ እንደነበረ ይቆያል፣ ሰሜን ግን −Z ላይ ይቀራል። ወደ −Z ዞሮ ለቆመ ሰው ዩኒቲ ውስጥ +X ግራው ነው። ሰሜንን እያየን ምሥራቅ በግራችን ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው ምሥራቁን ብቻ አይቶ «ልክ ነው» ካለ፣ ሰሜንና ደቡብ ተለዋውጠው ያልፋሉ። በሙከራው ላይ የሆነው ይሄው ነው።

አበጀ (ዳንግላ)
እኔ በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። የምትሉት የኮኦርዲኔት ጉዳይ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የድሮው ልኬት በአዲንዳን ነው፣ የጂፒኤሱ በደብሊውጂኤስ 84። ሁሉንም ወደ አንዱ ቀይራችሁ ዞን 37 ላይ ብታስቀምጡት አይጋጭም።

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
ጋሼ አበጀ፣ እርስዎ ያነሱት ቦታው ምድር ላይ የት እንደሆነ ነው፣ የእኛ ጥያቄ ደግሞ ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደቆሙ ነው። ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ከፍታ ብለው የሚጽፉት ቅደም ተከተል ራሱ የቀኝ እጅ ሥርዓት ስለሆነ ከብሌንደር ጋር ይስማማል። ግን አንድ ነገር ይርዱን። የሰሜኑ ቁጥር በባሕር ዳር አካባቢ ከ1,280,000 ሜትር በላይ ነው። ሞዴሉን እንዲያ ባለ ቁጥር ላይ ካስቀመጥነው፣ ዩኒቲ በሚጠቀመው ባለ 32 ቢት ቁጥር ነጥቦቹ በ12.5 ሴንቲሜትር ደረጃ ብቻ ነው የሚቀመጡት፣ በሩ ሁሉ ይንሻፈፋል። የቤተ ክርስቲያኑን መሃል በትክክል ለክተው ቢሰጡን፣ ያንን ቀንሰን ከዜሮ እንጀምራለን።

አበጀ (ዳንግላ)
እሺ ልጄ፣ መሃሉን እኔ እለካለሁ። ሰሜኑን በኮምፓስ እንዳታስተካክሉት ግን አደራ።

ስንታየሁ (ባሕር ዳር)
እኔ በጎዶት ነው የምሠራው፣ የእኔን ነገር ደግሞ ንገሩኝ። ጎዶት የቀኝ እጅ ነው፣ Yም ወደ ላይ ነው፣ ስለዚህ የጂኤልቲኤፍ ፋይል ሳስገባ ምንም ችግር የለም። ግን የጣሪያውን ሣር በኮድ ነጥብ በነጥብ ስገነባው ከላይ ሳየው የለም፣ ከታች ገብቼ ቀና ስል ነው የሚታየው። እጁ አንድ ከሆነ ለምን?

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
ስንቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። ዘንጎቹ የቀኝ ወይም የግራ መሆናቸው አንድ ነገር ነው። የጎነ ሦስት ነጥቦች በየትኛው ዙር ሲቆጠሩ ፊቱ ነው እንደሚባል ሌላ ነገር ነው። ጂኤልቲኤፍ ከውጭ ሲታይ በሰዓት ተቃራኒ የሚዞረውን ፊት ይለዋል። ዩኒቲ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን። ጎዶትም የቀኝ እጅ ሆኖ ሳለ ፊት የሚለው በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን ነው። የአንተ ኮድ ነጥቦቹን በተቃራኒው ነው የሚቆጥራቸው። ከፋይል ሲገባ ግን ጎዶት ራሱ ስለሚያስተካክለው አታየውም።

ለዩኒቲው ትንሽ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም «Zን ገለበጥኩ፣ በቃ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያዘው። (0,0,0)፣ (1,0,0)፣ (0,1,0) የሚል አንድ ጎነ ሦስት ያዙ። በቀኝ እጅ ሥርዓት ውጭው ወደ +Z ያያል። የZን ምልክት ቀይሩ። ሦስቱም ነጥብ Zው ዜሮ ስለሆነ አንዱም አልተንቀሳቀሰም! ውጭው ግን አሁን ወደ −Z ነው። ዩኒቲ ውስጥ −Z ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው X በቀኙ፣ Y ወደ ላይ ሆኖ፣ ዙሩን እንደ በፊቱ በሰዓት ተቃራኒ ያየዋል። ዩኒቲ ያንን ጀርባ ብሎ አይስለውም። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ቦታ መለዋወጥ አለበት፦

```python
verts   = [(x, y, -z) for x, y, z in verts]
normals = [(x, y, -z) for x, y, z in normals]
tris    = [(a, c, b) for a, b, c in tris]
```

ሦስቱ መስመሮች አብረው ይሄዳሉ። የመጨረሻው ከቀረ ጽሑፉ በትክክል ይነበባል፣ ግን ግድግዳው ጠፍቶ ከውጭ ሆናችሁ የወዲያኛውን ግድግዳ ውስጡን ታያላችሁ። መካከለኛው ከቀረ ሁሉም ቦታው ላይ ይሆናል፣ ብርሃኑ ግን ፀሐይ ከሌለችበት በኩል ይመጣል።

ሙሉቀን (ፍኖተ ሰላም)
ገባኝ። ግን ቀለሙን በሁለቱም ገጽ እንዲታይ ብናደርገውስ? ያኔ ዙሩ የፈለገውን ቢሆን ግድግዳው አይጠፋም።

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
አይጠፋም፣ ግን ስህተቱም አብሮ ይሸፈናል። ማንም ሳያየው ሌላው ላይ ይደርሳል። እንዲያውም በርክክብ ጊዜ በሁለቱም ገጽ የሚታይ ነገር አይፈቀድ ብለን እንጻፍ። ለመጋረጃና ለቅጠል ብቻ ይፈቀድ።

የሻምበል (ደብረ ማርቆስ)
እንቅስቃሴውን አትርሱት። የበሩን መዝጊያ 90 ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ሠራሁት፣ እዚህ ሲገባ ወደ ውጭ ተከፈተ። ቦታው ልክ ነው፣ ማጠፊያውም ልክ ነው።

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
ምክንያቱ ነጥቦቹ ተገልብጠው ዙረቱ ስላልተገለበጠ ነው። Z ሲገለበጥ በY ዙሪያ ያለው +90 ወደ −90 ይቀየራል። በX ዙሪያ ያለውም እንዲሁ ምልክቱን ይቀይራል፣ በZ ዙሪያ ያለው ግን እንዳለ ይቆያል። በኳተርኒየን ከሆነ (x, y, z, w) የነበረው (-x, -y, z, w) ይሆናል። የZን ምልክት ነው እንጂ መቀየር ያለብን ብለህ zውን ብትነካ ተቃራኒውን ታገኛለህ።

ውባለም (ባሕር ዳር)
እንግዲያው ረቂቁ እንዲህ ይሁን። ማንም በእጁ አይገለብጥም። ከብሌንደር የሚወጣው በ`.glb`፣ ማለትም በጂኤልቲኤፍ ፋይል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጂኤልቲኤፍ 2.0 እጁንም፣ ወደ ላይ የሚያሳየውንም፣ ሜትሩንም፣ ዙሩንም ደንግጎ ስለሚያስቀምጥ የምንከራከርበት አይኖርም። ግልበጣው የሚደረገው ደብረ ማርቆስ፣ ፋይሉ ዩኒቲ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማስገቢያው ፓኬጅ ራሱ የሚሠራው ከሆነ እኛ ደግመን አንነካም። ትስማማላችሁ?

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ጨምሪበት እንጂ። የትኛው ዘንግ እንደሚገለበጥም ይጻፍ። Zን የገለበጠም Xን የገለበጠም ልክ ነው፣ ሁለቱም ትክክለኛ ሕንጻ ያወጣሉ። ግን አንዱ ከሌላው በ180 ዲግሪ ዞሮ ይቆማል። ሕንጻው በአንዱ ፓኬጅ፣ ግቢው በሌላው ቢገባ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል። ፓኬጅ ሁሉ አንድ ዘንግ ይገለብጣል ብላችሁ አትመኑ።

ስንታየሁ (ባሕር ዳር)
እኛ ግንበኞቹ ግማሹን ሠርተን በ −1 ስኬል ነው ሌላውን ግማሽ የምናወጣው። እሱስ?

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
ያ እውነተኛ መስታወት ነው፣ ዙሩን ይገለብጠዋል። ጂኤልቲኤፍ እንዲህ ያለውን አስቦበታል፣ አንባቢው ሁሉ ግን በትክክል ይተረጉመዋል ማለት አይደለም። ከመላካችሁ በፊት በ`Ctrl+A` ስኬሉን አጽኑት፣ ከዚያ `Face Orientation` አብርታችሁ ዞራችሁ እዩ። ከውጭ ቀይ መታየት የለበትም። ቀይ ካለ `Edit Mode` ገብታችሁ ሁሉንም ምረጡና `Shift+N`። ጽሑፍ ያለበትን ግድግዳ ግን በመስታወት ቅጂ አታውጡት፣ ፊደሉ ተገልብጦ ይቀራል፣ ይሄን ማንም ፕሮግራም አያስተካክለውም።

ውባለም (ባሕር ዳር)
መፈተሻም ያስፈልገናል። ሦስት ክንድ ያለው ነገር እሠራለሁ። በX 1 ሜትር፣ በY 2፣ በZ 3፣ በየክንዱ ላይ ፊደል፣ ዙሪያውን አንድ ገጽ ብቻ የሚታይ ቀለም። ከእያንዳንዱ ሞዴል በፊት እሱ ተልኮ ይታያል።

የሻምበል (ደብረ ማርቆስ)
ፊደሉን «ገ» ወይም «ፈ» አድርጊው እቴ። «ተ»ና «ሠ» ቢገለበጡም ብዙ አያስታውቁም። አንዱ ክንድ ላይ የሚከፈት መዝጊያም ይኑረው፣ ዙረቱንም አብረን እንድናይ።

ሙሉቀን (ፍኖተ ሰላም)
የኖርማል ማፑስ? ግድግዳው ላይ የተቀረጸው መስቀል ጎድጎድ ማለት ሲገባው ወጣ ብሎ ታይቶኛል።

ጥሩዓለም (ደብረ ማርቆስ)
ታንጀንቱ ላይ ያለው አራተኛ ቁጥር ምልክቱ አብሮ መቀየር አለበት፣ ወይም ደግሞ የማፑ አረንጓዴ ቻናል ሊሆን ይችላል። እኔ ታንጀንቱን ከፋይሉ አውጥተን ዩኒቲ ራሱ እንዲያሰላው እመርጣለሁ። የሻምበል ግን ከብሌንደር እንዲመጣ ነው የሚፈልገው።

የሻምበል (ደብረ ማርቆስ)
አዎ፣ ቅርጹ የተጋገረው ብሌንደር ላይ ባለው ታንጀንት ስለሆነ። ሌላ ከተሰላ ስፌቱ ላይ መስመር ይታያል።

ውባለም (ባሕር ዳር)
ይሄን ክፍት አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሙሌ የመስቀሉን ፋይል እዚህ ልቀቅልን፣ በሁለቱም መንገድ ይሞከር። ሌላውን ዛሬ ማታ ረቂቁ ላይ አስገብቼ እልክላችኋለሁ፣ የሚገለበጠው ዘንግ Z ተብሎ ነው የሚገባው፣ ተቃውሞ ያለው ከዚያ በፊት ይናገር።